ያባት ጭን

«ያባት ጭን» የሚባለው ጉብታ ወሎ ውስጥ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚሰበርበት አፋፍ ላይ ነው። መስጊዱ ከላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከታች፣ ሰዉ ደግሞ መሀል ላይ ተቀላቅሎ ይኖራል። በሌላው አገር ወንድ ልጅ ሲገረዝ አባትየው ብዙ ጊዜ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ እዚህ ግን ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ የሚያስገርዘው አባቱ ራሱ ነው። ለምን ቢሉ ሽማግሌዎቹ የደርሶን ነገር ያነሳሉ።

ደርሶ፣ እንደሚነገረው፣ ክርስቲያን ሆኖ የአካባቢው ሁሉ ገራዥ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ከእጁም ይፈጥናል፣ መጠየቅ አይታክተውም። የክርስቲያኑን ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፤ ክርስትናው የቄሱ ስለሆነ እስከ አርባ ቀን ይቆያል። ሙስሊሞቹ ቤት ሲጠራ ወጉ ሌላ ነው፤ አንዱ በሰባተኛው ቀን፣ የልጁ ጠጉር ተላጭቶ ስም ሲወጣለትና በግ ሲታረድ አብሮ ያስገርዛል፣ ሌላው ልጁ ጠንከር እስኪል ዓመትም ከዚያም በላይ ያቆየዋል። ይሄ ለደርሶ እንቆቅልሽ ነበር። ቀኗ ካለፈች ልጃችን ቆላፍ ተባለ ብለን እኛ ስንጨነቅ እናንተ እንዴት አስቻላችሁ እያለ ሙሄን ያደርቀዋል። ሙሄ ሙስሊም ጎረቤቱ ነው፤ በየሄደበት ሕፃን የሚይዝለት እሱ ነበር። ዋናው መገረዙ ነው እንጂ ቀኑን ያን ያህል አናጠብቀውም ብሎ ይመልስለታል። ደርሶ ታዲያ ጥያቄውን እንጂ ምላጩን ለሙሄ አካፍሎት አያውቅም።

በእርጅናው ዋዜማ ሚስቱ ትርንጎ ወንድ ልጅ ወለደችለት። ስምንተኛው ቀን ደረሰ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ በጉ ደጅ ታሰረ። ልጁ በለብታ ውኃ ታጠበ፣ ምላጩ ከፈላ ውኃ ወጣ፣ ሙሄም ሕፃኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እግሮቹን ፈልቀቅ አድርጎ ያዘ። ደርሶ አጎነበሰ። እጁ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብሎ ተነፈሰ፣ ደግሞ አጎነበሰ፤ ባሰበት። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ነው ነገሩ፤ የስንቱን ልጅ ሲገርዝ ዓይኑን ያላሸ ሰው በራሱ ልጅ ፈራ። ሌላ ገራዥ ካለበት አገር ሄዶ ለመመለስ ቀኑ አይበቃም።

ትርንጎ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከአራስ አልጋዋ ሆና፣ በቀዳዳው የባሏን እጅ አየች። ያን ሁሉ ዘመን ልጅ ስትለምን ኖራ ልጇ ቆላፍ ተብሎ ስሙ ሊበላሽ ነው፤ ካልሆነም በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ሊጎዳ ነው። ሁለቱንም እሺ አላለችም።

«ምላጩን ለሙሄ ስጠው፤ ስትገርዝ ሲያይ ኖሯል» አለች።

ሙሄ ደነገጠ። የሙስሊም እጅ የክርስቲያን ልጅ ላይ ደም ቢያፈስና ደሙ ባይቆም የሁለት ዘር ጠብ ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ግዝረት እንደ ጥምቀት ካህን የሚሻ አይደለም፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ ይበቃዋል አሉ። ሙሄ ግን አሁንም አልተነሳም።

ያኔ ደርሶ ልጁን ከሙሄ ተቀብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ጭኑ የኔ ነው» አለ። «ደም ቢፈስ የሚፈሰው እኔው ላይ ነው። ማንም አይጠይቅህ።»

ሙሄ እጁን ታጥቦ «ቢስሚላህ» አለና ምላጩን አነሣ። የደርሶ እጅ ቢከዳውም አፉ አልከዳውም ይባላል፤ ቆዳውን ወደፊት ሳብ፣ ጫፉን በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ሸሽገው፣ አሁን፣ በአንድ ጊዜ፣ እያለ መራው። ሙሄ ቆረጠ። ልጁ ጮኸ፣ ንጹሕ ጥጥ ተያዘበት፣ ደሙ ቀስ በቀስ ቆመ፣ ለጋ ቅቤ ተቀባለት።

ልጁ ሽንቱን ሳይሸና ግን እህል የሚቀምስ የለም፤ ቁስሉ ደህና መሆኑ የሚታወቀው በሱ ነው። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ፤ በመጨረሻ ያ ሕፃን ያባቱን ሱሪ አራሰለት። ደርሶ በሽንት በራሰው ጭኑ ላይ ልጁን እንደያዘ አለቀሰ፣ ሴቶቹም እልል አሉ።

በጉ ሊታረድ ሲል ደግሞ ትርንጎ ከለከለች። ክርስቲያን ያረደውን ሙሄ አይበላም፣ ሙሄ ያረደውንም ዘመዶቿ አይበሉም፤ ልጄን የገረዘልኝ ሰው ጾሙን አይመለስም ብላ ገንፎ አስገነፋች። ሁሉም ከአንዱ ገበታ፣ መሀሉ ላይ ከፈሰሰው ቅቤ እየጠቀሰ በላ። በዓመቱ ሙሄ ልጅ ሲወልድ በተራው ጭኑን ሰጠ፣ ደርሶም ገረዘለት። ከዚያ ወዲህ የክርስቲያኑን ልጅ ሙስሊም፣ የሙስሊሙን ልጅ ክርስቲያን መግረዙ ወግ ሆነ ይላሉ።

ዛሬ ግዝረቱ በጤና ጣቢያ ነው። አዲስ የተመደበ ነርስ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። ባለፈው የመጣው ወጣት ነርስ፣ ሙስሊም መሆኑን ሲናገር የጠያቂው ፊት ጭፍግግ ቢልበት፣ ሊያባርሩኝ ነው ብሎ ሻንጣውን መልሶ አነሣ። ጠያቂው ግን የተከፋው የልጅ ልጁ በማግስቱ ስለሚገረዝና ጠያቂው ራሱም ሙስሊም ስለሆነ ኖሯል። ክርስቲያን ነርስ ፍለጋ ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወረደ።