ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ያለው መድፈኛ

አንድ የሐምሌ ማለዳ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጉም የካምፑን ድንኳኖች በሸፈነበትና ካፊያው ሳያባራ ባነጋበት ቀን፣ ላቀው የተባለ መድፈኛ በሕክምና ቦርዱ ድንኳን ፊት ተሰልፎ ቆመ። ጦርነቱ አብቅቶ ሠራዊቱ ይሰናበት ነበር። መሣሪያውን አስረክቧል፤ የቀረው የጤና ምርመራው ነው። የአገልግሎት ዘመኑ ለጡረታ አይበቃም። በውጊያ መጎዳቱን ቦርዱ ካላረጋገጠለት፣ የሚያገኘው መጠነኛ መቋቋሚያና የጥቂት ወራት የሙያ ሥልጠና ብቻ ነበር።

የመድፉ ነጎድጓድ ጆሮዎቹን ቀስ በቀስ ደፍኖበታል። ግንባር ላይ ግን ሕመሙን የተናገረ ሰው ከጓዶቹ ተለይቶ ወደ ኋላ ይላካል። ስለዚህ ከንፈር ማንበብ ለምዶ፣ ለማንም ሳይተነፍስ ዘመቻውን ፈጸመ።

ከኋላው የቆመው ጥጋቡ፣ እግሩን የቆሰለ ቀልደኛ ወታደር፣ ትከሻውን ይዞ አዞረውና «ወንድሜ፣ ዛሬ ጀግንነት አያበላም። ያመመህን ሁሉ ንገራቸው፤ ጥርስህንም እንዳትረሳ» አለው። ላቀው ሳቀ።

ሐኪሙ የመስሚያ መመርመሪያ አልነበረውም። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያመው ነገር እንዳለ ጠየቀው።

«ደህና ነኝ። ምንም የለብኝም» አለ ላቀው፣ እንደ ልማዱ። ጤነኛ ተብሎም ተመዘገበ።

ለሥልጠና ሹፍርናን መረጠ። ዓይኑ መንገድ ላይ ሳለ የአሠልጣኙን አፍ ማየት አልቻለም፤ ከኋላው ለሚያንባርቅ የጭነት መኪናም መንገድ አልለቀቀም። አሰናበቱት። ወደ ቦርዱ ተመልሶ አቤት ቢል፣ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ መድረሱን የሚመሰክሩ ጓዶች እንዲያመጣ ተነገረው። ከመድፉ ጋር ከነበሩት ግን ብዙዎቹ ሞተዋል፤ የተረፉትም የት እንደገቡ አይታወቅም።

ቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ መዋል ጀመረ። ሚስቱ አስካለ ከጓዳ ትጣራለች፤ መልስ የለም። እሱ ሲዘምት በሆዷ የነበረችው ልጃቸው ከጀርባው ተጠግታ «አባዬ» ትለዋለች፤ አይዞርም። ጎረቤቱ ሁሉ ጦርነት ልቡን አደነደነው አለ። ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን አስካለ ፊቱ ቆመች። «ምን በድዬህ ነው የማትመልስልኝ?»

«ጆሮዬ ተደፍኗል፤ ከግንባር ጀምሮ አልሰማም።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«እንዳትለዩኝ ፈርቼ።»

«እኛማ ከተለየንህ ቆየን» አለችው፤ ድምፅዋ መሰበሩን ግን አላወቀም።

አንባቢ ሆይ፣ በጦር ሜዳ ሰውን ከጓዶቹ ጋር ያቆየ ዝምታ በቤቱ ውስጥ ብቸኛ ያደርገዋል። ከጦርነት የተመለሰ ወገናችን «ደህና ነኝ» ሲለን፣ አምነነው ያለፍን ስንቶቻችን ነን?

ልጅቱ አባቷን መጥራት ከተወች ሰንብታለች። በጠራችበት ዘመን ሁሉ ላቀው ድምፅዋን አንድም ጊዜ አልሰማም።