የብዙነሽ ስም ድምር

አንድ ባለጠጋ ልጁን ከብዙነሽ ቶላ ጋር ሊያጋባ ሲል፣ የስም ቁጥር አዋቂና የሙሽሪትን እናት አስጠራ። አዋቂው በልደት ወረቀቷ ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ለየአንዳንዳቸው በተሰጠው ቁጥር ደመረና፣

«አርባ ዘጠኝ፤ አራትና ዘጠኝ ዐሥራ ሦስት፣ አንድና ሦስት አራት። ማንነቷን የሚናገረው የመግለጫ ቁጥሯ አራት ነው፣ ትርጉሙም ልፋት። አናባቢዎቿ ብቻ ሲደመሩ ሃያ፣ ማለት ሁለት፤ ነፍሷ ሰላም ትሻለች» አለ።

«እኔ የምሻው የሀብቱን ቁጥር፣ ስምንትን ነው። ሠርጉ ቀርቷል» አለ ባለጠጋው።

እናትየው «ትምህርት ቤት እኮ በ‹ኢ› ፈንታ በ‹አይ› ነው የሚጽፏት» አለች።

«ያኔ የሁለተኛው ፊደል አምስት ዘጠኝ ሆኖ ድምሩ ስምንት ይመጣል» አለ አዋቂው። « የሚቆጠረው ግን ሲወለዱ የተመዘገበው ነው።»

«ቤት ሚሚ ነው የምንላት።»

«እሱም ስምንት ነው። የቁልምጫ ስም ግን ላይ ላዩን እንጂ ማንነቷን አይናገርም።»

«ጌቶች፣ ስትወለድ የልደት መዝጋቢው ‹በኢ ነው በአይ?› ሲለኝ፣ ፊደሉን ስለማላውቅ ‹ለእጅህ በቀለለህ› አልኩት። የልጄን ዕድል የሚጽፈው እግዚአብሔር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የምጽፈው እኔ ማይሟ ነኝ። ይህን ያህል ሥልጣን ካለኝማ፣ ሠርጉ እሑድ ነው።»