ከደምለው ታሪክ ላይ የተሰረዘው ጥርጣሬ

ሃሃሃ! ቆዩማ፣ ሳቄ ይብረድልኝ! ሽማግሌው ያሉት ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር እንዲህ ነኝ። ግን ዋናው ነገር ኋላ ነው የሚመጣው።

አንድ አስናቀው የሚባል ጸሐፊ ነበረ። የአገሩን ሰዎች ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ መዝገበ ዕውቀት ሲያዘጋጅ፣ ደምለው ጓንጉል የሚባል የአውድማ ገጣሚ ላይ ደረሰ። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል፤ የተጻፈ ነገር አልተወም። አስናቀው መንደር ለመንደር ዞሮ የሰማውን እንዲህ አሰፈረ፦

«ደምለው ጓንጉል (1890 ዓ.ም.? – 1958 ዓ.ም. ገደማ)፣ ገጣሚ። የተወለደው ላይ አምባ ወይም ታች አምባ ነው ይባላል፤ ነጋሪዎቹ አይስማሙም። ከግጥሞቹ የተገኘው አራት ስንኝ ብቻ ነው፤ የእርሱ መሆኑንም የመሰከረው አንድ ሰው ነው። ልጅ እንዳልነበረው አንድ ጎረቤቱ ተናግሯል፤ አልተረጋገጠም።»

አያችሁልኝ? ያወቀውን ካላወቀው ለይቶ አኖረ። ጎበዝ!

ረቂቁ ለሽማግሌዎች ሲነበብ ግን የላይ አምባው አያ ይታገሱ ብድግ አሉ።

«ስማ አንተ! ላይ አምባ ወይም ታች አምባ ማለት ምንድነው? እናቱ ሁለት ጊዜ አማጠችው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ይባላልንማ ጠላ ቤትም እንሰማዋለን! አንተ የተማርከው ቁርጡን ልትነግረን አይደለም እንዴ?»

አስናቀው አፈረ። ቤቱ ገባና የጥያቄ ምልክቷን ሰረዘ፤ «ገደማ»ን ሰረዘ፤ «ይባላል»ን ሰረዘ። «በ1890 ዓ.ም. ላይ አምባ ተወለደ። ልጅ አልነበረውም» ብሎ ቁጭ አደረገው። አቤት ሲያምር! ታተመ፤ ተጨበጨበለት።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ሴት ከታች አምባ መጣች። ጎረቤቷ ያምሮት የደምለው ልጅ እንደነበረች፣ የአባቷንም ግጥም አንድ ሳይቀር በቃሏ ትለው እንደነበር ነገረችው። አስናቀው ጫማውን እንኳ ሳያስር ተነሣ።

«የታለች? አሁኑኑ እንሂድ!»

«አርፋለች እኮ ጌታዬ። ትናንት አርባዋን አወጣን።»

ግጥሙም አብሯት አፈር ገባ።

ወገኖቼ፣ አለማወቅ ነውር አይደለም። «ይህን አላረጋገጥኩም» ያለ ሰው፣ የሚያውቅ ሰው እንዲገባ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል። ያላወቀውን እንዳወቀ አድርጎ የተናገረ ግን በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል፤ ከውጭ ማን እንደቆመም አያይም። እስቲ እኛስ ስለ ሰው እርግጠኛ ሆነን ስናወራ ስንቱን ደጅ አስቀርተን ይሆን?

አስናቀው ተመልሶ ተቀመጠ። «እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ሆና ምነው ሳትመጣ ቀረች?» አላት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፋች። «መጽሐፉ የተነበበላት ዕለት፣ እንሂድና ንገሪያቸው ብዬ ለምኛት ነበር። ‹ተዪኝ እህቴ፤ ልጅ የለውም ብለው ከጻፉ በኋላ የማን ልጅ ነኝ ብዬ ልሂድ?› አለችኝ።»