አንድ ኩባያ አጥሚት

በአንድ ወቅት፣ ስሙን ጠርቼ አፌን በማላበላሽበት አንድ ሆስፒታል፣ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ አሮጊት ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኙ። ሰመመን የሚሰጠው በባዶ ሆድ ነውና ለኦፕሬሽኑ እህል ውኃ እንዳይቀምሱ ተባሉ። ተራቸውን የመኪና አደጋ ቁስለኞች ወሰዱት፤ ይህን የነገራቸው ግን የለም። በማግስቱም ያው «እንዳይቀምሱ» ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ፤ የሽንት ቤቱ ግማት ደግሞ አልጋቸው ድረስ ይመጣል። ኤጭ!

ልጃቸው እቴነሽ አንጀቷ አረረ። የጠየቀችው ሁሉ «ቆይ፣ ይነገራችኋል» ይላታል። ወንድሟን ደርብን «አንተ እማዬ ጋ ሁን» ብላ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባች።

«ሰው እኮ ናት! በረሃብ ልትገድሏት ነው? የሚቆይ ከሆነ ይቆያል በሉን፤ ምነው አፋችሁ ተለጎመ?»

አስተዳዳሪው አቶ ልሳኑ አልተቆጡም። ኦፕሬሽን ክፍል ደውለው ቀጣዩን ተራ አስያዙላት። «ዛሬ ከሰዓት ይገባሉ። ለነርሶቹ እኔ እነግራለሁ። ቅሬታሽን ግን በጽሑፍ አስገቢ፤ በአፍ የቀረ ይረሳል።»

ተቀምጣ ጻፈች። ንዴቱ እጇን ያስሮጠዋል፤ «አንድም ሰው አንድም ነገር አልነገረንም» የሚለውን ከሥሩ አሰመረችበት። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ለደርብ ግን አልደወለችም። አቶ ልሳኑም ሌላ ባለጉዳይ ገባባቸውና ለነርሶቹ ቆይቼ እነግራለሁ አሉ።

ከቢሮው ታች፣ በሽተኞች ክፍል ደግሞ እናትየው ደርብን ይለምናሉ። «ልጄ፣ ጉሮሮዬን ብቻ አርጥብልኝ።»

ደርብ ነርሷን ጠየቀ። «እኔም የሰማሁት የለም፤ ዛሬ እንኳ የሚጠሩ አይመስለኝም» አለችው። አላስቻለውም፤ ከቤት የመጣውን አጥሚት በኩባያ አጠጣቸው። እሳቸውም ጠጥተው መረቁት።

አፋቸውን ሲጠርግላቸው በሽተኛ የሚወስደው ሠራተኛ ጋሪውን እየገፋ ደረሰ። «ወይዘሮ የሺመቤት! ኦፕሬሽን!»

የሰመመን ባለሙያው ስለ አጥሚቱ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «በሰመመን ተኝተው ቢያስመልሳቸው ትውከቱ ሳንባቸው ይገባል። አይሆንም።» ተራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ቀጣዩ በሚመጣው ሳምንት ነው። ሐኪሙም ስብራቱ በቆየ ቁጥር ዳግመኛ ቆመው መሄዳቸው እንደሚያጠራጥር ተናገረ።

እቴነሽ ከአቶ ልሳኑ ጋር ወርዳ ይህን ስትሰማ ወንድሟ ላይ ጮኸች። «ትንሽ መታገስ አቃተህ?»

«እያወቅሽ ዝም አልሽኝ! ጠንቋይ ነኝ እንዴ?»

«ተራውን ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ እኮ» አሉ አቶ ልሳኑ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

እቴነሽ ያሰመረችበት መስመር ትዝ አላት። ቱ! ከግማቱ ይልቅ ራሷ ለራሷ አቅለሸለሸቻት። ግን እሷ ባትጮህ ተራው መቼ ይመጣ ነበር?

እናትየው ከትራሳቸው ቀና አሉ። «በቃ! ሦስት ሰው በጋራ የሚለው ይቅርታ የማንም አይደለም። ጥፋተኛው አንዱ እግሬ ላይ ይውደቅ፤ ሁለታችሁ ውጡልኝ።»

ሦስቱ ተያዩ። የወጣም የወደቀም የለም፤ አሮጊቷም እግራቸውን እንደዘረጉ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ማን ይውደቅ?