ቤቱ ሰፋኝ

አንድ ይትባረክ የሚባል አስተርጓሚ ነበረ። ሁለት ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል፤ ማወቁንም አሳምሮ ያውቃል፣ ጣጣው እዚያ ላይ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ዳርሚ የምትባል የቆላ ሴት አሮጌ ወረቀት ይዛ መጣችበት። ባሏ እንግዳሸት በወጣትነቱ ቅኔ የተማረ ደገኛ ነው። ዘንድሮ ታሞ አንደበቱ ተይዟል። ሳጥኑን ስታጸዳ ከማታነበው ጽሑፍ መካከል ስሟን ብቻ ለየችው።

«ሠላሳ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም» አለች። «ያገባኝ ቤት እንድጠብቅለት ይመስለኛል። ሳይሞትብኝ እውነቱን ልወቅ። በእኔ ቋንቋ ንገረኝ፣ ጌታዬ።»

ወረቀቱ ከስሟ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

ዐይንሽ የንጋት ኮከብ፣ አንገትሽ ብርሌ፣
አንጀቴን ቆረጥሽው፣ ምን ይሁን አካሌ።

ይትባረክ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ቃል ሳያጎድል ተረጎመላት። የዳርሚ ፊት ጠቆረ።

«አንገቴ ጠርሙስ ነው? አንጀቱንስ መቼ ቆረጥኩት? እንዲህ ይጠላኝ ኖሯል!»

ይትባረክ በጣም አፈረ። ቃሉን ሁሉ አሻግሮ ፍቅሩን እዚያው ጥሎት መጥቷል። እስኪ እንደገና ልሞክር ብሎ ለመናት፤ ብዕሩንም አስቀምጦ ይጠይቃት ጀመር።

«በእናንተ መንደር ዛሬ አንድ ባል ሚስቱ ስትርቀው ምን ይላል?»

«‹ቤቱ ሰፋኝ› ይላል።»

«ቆንጆ ናት ለማለትስ?»

«‹ዐይኔን ከሷ ማንሣት አቃተኝ›።»

ይትባረክ ብርሌውን ተወው፤ አንጀቱንም ተወው። ቤት መምታቱም ቀረ፣ እሱ እንኳ ቆጨው። ኮከቡን ግን አልነካውም፤ የዳርሚም ሰዎች ከብቶቻቸውን ወደ ውሃ የሚነዱት በዚያው ኮከብ ነውና። ከዚያ እንደገና ጽፎ ጮክ ብሎ አነበበላት። አንዱ ቃል ላይ አስቆመችው።

«ይኼ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ የሚሉት ነው። ባል ለሚስቱ እንዲህ አይልም።»

ለወጠውና እንደገና አነበበ፦ «ዳርሚ፣ ዐይንሽ የንጋት ኮከብ ነው። ዐይኔን ካንቺ ማንሣት አቃተኝ። ስትሄጂ ቤቱ ይሰፋኛል፤ እኔ እንጃ፣ ምን እንደምሆን።»

ዳርሚ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በሳምንቱ አንድ ቅል እርጎ ይዛ ተመለሰች። «ጆሮው ሥር ሄጄ ‹ለእኔም ቤቱ ይሰፋኛል› አልኩት። ሠላሳ ዓመት ከኔ ጋር ኖሮ ይቺን ቋንቋዬን አያጣትም። እጄን ጨብጦ አልለቅም አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።»

«እኔ ነኝ እንጂ አመስጋኙ» አላት ይትባረክ። «ሥራዬን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ወዳጄ ሆይ፣ ፍቅር ከልብ ወደ ልብ የሚደርሰው ሰሚው በቤቱ በሚናገርበት ቃል ሲነገር ነው። እንግዳሸት ያማረ ቃል ሲፈልግ ሠላሳ ዓመት ዝም አለ፤ እሷ ግን የምትጠብቀው ሁለት ተራ ቃል ነበር። አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ቤቱ የሚሰፋችሁ ማን ሲርቅ ነው? አንደበታችሁ ሳለ ነግራችሁታል?