የተራጋሚው አሜን

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፣ ሀብታም ነው፣ አፉም ስለት ነው። ትርሲት፣ ሻንጣሽን አስቀምጪና ስሚኝ እንጂ። «ጋሼ፣ ቃል ነፋስ አይደለም ወይ? እናቴ የሄድሽበት አይቅናሽ ስላለችኝ ምን እሆናለሁ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። አውቶቡሱ እንደሆነ ሳይሞላ አይነሳም።

ይህ ገበሬ ሲቆጣ ድምፁ ሦስት ወንዝ ይሻገር ነበር። ሲያስነጥስ የጎረቤት ዶሮዎች ቀናቸው ሳይደርስ ይጥሉ ነበር ይባላል። እኔ አልጨመርኩም፤ እንቁላሉን የበሉ ሰዎች የነገሩኝ ነው። ምላሱ ደግሞ ለእርግማን የፈጠነ ነው። ፍየሏ ጎመን ብትቀነጥስበት «ጅብ ይብላሽ» ይላታል። እንቅፋት ቢመታው ድንጋዩን «ተሰንጠቅ» ይለዋል። ዝናብ ቢዘገይ ከደመናው ጋር ይጣላል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ እርግማኑ ከንፈሩ ላይ ሳይደርቅ «አፌን ቁርጥ ያድርገው» ብሎ ይመልሰዋል። በአገራችን ደንቡ ይኸው ነው። ክፉ ቃል ካመለጠሽ፣ ሳያርፍ ቶሎ ብለሽ የራስሽን አፍ ትረግሚያለሽ፤ ቃሉም መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፍየሏም አልተበላች፣ ደመናውም አልተቀየመ። ድንጋዩ ብቻ ተሰንጥቋል፤ እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ይህ ሰው አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ከልጁ ቀጥሎ የሚወደው ደግሞ አንድ ቀይ በሬ ነበረ፤ አንዳንድ ቀን ተራው ይገለበጣል። ልጁ አንድ ማለዳ አባቱን ሳያስፈቅድ ቀዩን በሬ ለድሃ ጎረቤታቸው አዋሰው። ድሃው ያለው አንድ በሬ ነው፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም፣ የግድ የሌላ ሰው በሬ ተቀናጅቶት ጥማድ መሙላት አለበት። ቀዩ በሬ ገደላማው ማሳ ላይ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ፤ ታረደ።

አባት ሰምቶ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ጥምጥሙን ከራሱ ላይ አወለቀና ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። «እኔን እንዳነደድከኝ ንደድ። የዘራኸው አይብቀል። የያዝከው አይበርክት» አለ። ሚስቱ አፉን አፉን አየች፤ ያቺን የለመደቻትን «አፌን ቁርጥ» ጠበቀች። አልመጣችም። ከቆመውም ሰው መሀል «ኧረ ተው፣ ቃልህን መልስ» ያለ አንድ አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ልጁ ከመንደሩ ጫፍ ጎጆ ቀልሶ ወጣ። እርግማን እንደ መብረቅ የሚወርድ ይመስልሻል? አይደለም፤ በእግሩ ነው የሚመጣ። አባቱ የረገመው ነው እየተባለ በሬ የሚያቀናጀው ጠፋ። ያ ድሃ ጎረቤት እንኳ፣ ልጁ ለእሱ ሲል የተረገመለት፣ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። ያጫት ልጅ አባት፣ ያልተፈታ እርግማን ከልጄ ጋር አንድ ቤት አያድርም ብሎ ሽማግሌ መለሰ። ሞፈር የማንም ይሰበራል፤ እሱ ግን ሞፈሩ በተሰበረ ቁጥር «ይኸው» ይላል። ሲዘራ እየፈራ ነው፤ እዚህ ይከምረዋል፣ እዚያ ያራቁተዋል። ቡቃያ ቢያይ እንኳ አያምነውም፣ ሳያርመው ይተወዋል። እንዲህ እያለ የዘራው አልበቅል አለ።

ሽማግሌዎች ወደ አባት ተመላለሱ። ያሰረው አፍ ነው የሚፈታው፤ ሌላ ማንም አያነሳውም። የአባት ልብ ከራራ ቆይቷል፤ ሲመሽ ሲመሽ አጥር ላይ ቆሞ ከልጁ ጎጆ ጭስ ይወጣ እንደሆነ ይሰልላል። ግን ኩሩ ነው። ሽማግሌዎቹን «ነገ» ይላቸዋል። በነጋታውም «ነገ» ይላቸዋል።

አንድ ቀን ጧት ሲነሳ አፉ ወደ ጎን ተጣሟል፣ አንድ እጁ አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሱ ታስሯል። ያ ሁሉ ቃል የት እንደገባ እንጃ፣ አንድ አልቀረም። መንደሩም አንድ ነገር አለ፦ ስንት ዘመን «አፌን ቁርጥ ያድርገው» እያለ ሲለምን እግዜር እንዳልሰማ ሲያልፈው ኖሮ፣ በመጨረሻ ልመናውን ተቀበለው። ሰው በዚህ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ያሰረው አፍ ሳይፈታው ተዘጋ፤ ቁልፉ ባሕር ገባ።

እንዲያም ሆኖ መጣ። ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከአባቱ እግር ሥር ቆመ። ድንጋዩ የወፍጮ መጅ ያህል ነበር ይላሉ፤ እኔ ወፍጮው ራሱ ነው እላለሁ። የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ ለምርቃቱ ለምለም ሳር ነጭቶ ይዟል። ግን ምን ይደረግ? ምርቃት በአባት አፍ ይጀመራል፣ ሌላው አሜን ይላል። አባት አፍ የለውም። ሽማግሌው ሳሩን እያገላበጠ ቆመ።

ያኔ እናትየው ከጓዳ ወጥታ ሳሩን ከሽማግሌው እጅ ወሰደች።

«እኔ እመርቃለሁ፤ እሱ አሜን ይበል» አለች።

ሽማግሌው፣ ባል እያለ ሚስት ቀድማ አትመርቅም፣ ወጉ አይደለም ማለት ጀመረ።

«አባባ፣ በዚህ ቤት ዘመኔን ሙሉ እሱ ሲናገር አሜን ስል የኖርኩ እኔ ነኝ። ዛሬ ተራው ይድረሰው።»

ሽማግሌው የገዛ ሚስቱ በር ላይ ቆማ እንደምታየው አስተዋለና፣ ለካ ወጉ ይፈቅዳል አለ።

እርግማን በታሰረበት ቃል ልክ ነው የሚፈታው። እናት ሳሩን ከልጇ ራስ በላይ አድርጋ «ያነደደህ ይብረድልህ» አለች። ሁሉም አሜን አለ፤ የአባት ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። «የዘራኸው ይብቀል» አለች። ሁሉም አሜን አለ፤ ከአባት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። «የያዝከው ይበርክት» አለችና፣ ማንም አሜን እንዳይል ሌላውን በእጇ ከለከለች። ባሏን አየችው። ጠበቀችው።

አባት ደህናውን እጁን ዘረጋና ድንጋዩን ከልጁ ማጅራት ላይ ገፍቶ ጣለው። «አ» አለ። ሦስት ወንዝ ይሻገር የነበረው ድምፅ አሁን የተቀመጠበትን መደብ መሻገር አቃተው። ላቡ ወረደ፣ እንባው ተከተለ።

«አ... ሜን።»

ከዚያ በደንቡ ሊያበቃው፣ እንትፍ ብሎ የልጁ ራስ ላይ ሊመርቀው ሞከረ። አፉ ጠማማ ነውና ምራቁ ልጁን ስቶ ከሽማግሌው ጢም ላይ አረፈ። ሽማግሌው አልጠረገውም። «የእኔም ገብስ ዘንድሮ ሰንፎብኝ ነበር» ብሎ ፊቱን አበሰበት። ሁለተኛው ምራቅ ግን ልጁን አገኘው።

በማግስቱ ማንም ሳይጠራው ድሃው ጎረቤት በሬውን እየነዳ ለመቀናጀት መጣ። ያ ልጅ በዚያ ዓመት ያበቀለው ገብስ ከቤት ክዳን በላይ ሆኖ፣ አጫጆች ጠፍተውበት በጥሩንባ ተፈለጉ። እሺ፣ እስከ ወገብ ይሁን። ያጫትን ልጅ ሲያገባ ግን ሠርጉ ላይ ስለነበርኩ ከሥጋው አንዲት ቁራጭ አልቀንስም።

አባትየው ዕድሜ ልኩን ከዚያች ከአንዷ በቀር ሌላ ቃል አልተመለሰለትም። ፍየሏ ጎመኑን ስትቀነጥስ እያየ ፊቱ በንዴት ይቀላና «አሜን» ይላታል። ፍየሏ ወፈረች። ሰውም ልጁን ሲድር፣ መንገድ ሲወጣ እዚያ ቤት ጎራ ይላል፤ እናት ትመርቃለች፣ እሱ አሜን ይላል።

እንግዲህ ትርሲት፣ ቃል እንደዚያ ድሃ በሬ ነው። ብቻውን አያርስም፤ አቀናጆው የሰሚው ልብ ነው። እርግማኑን የመንደሩ ዝምታና የልጁ ፍርሃት አቀናጁት፣ አረሰ። ምርቃቱን አሜን አቀናጀው፣ እሱም አረሰ። የእናትሽ ቃል ነፋስ ከሆነ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመስሽ ለምንድን ነው? አንቺም እኮ አቀናጅተሽዋል። ከተማ ድረስ አብሮሽ ይሳፈራል፤ ትኬትም አይቆርጥም።

ከአጥሩ ኋላ ማን እንደቆመ አይተሻል? ሳር ይዛለች። ብትጠይቂያት ለላም ነው ትልሻለች፤ ላም የላትም። የእሷ አፍ ገና አልተዘጋም። ሂጂና አንገትሽን ዝቅ አድርጊላት። አሜንሽን ደግሞ ጮክ አድርጊው፤ ጆሮዋ ከበድ ይላል።