ሠላሳ ስምንት ጊዜ «መንገድ ላይ ነው»

ድሮ፣ ስሙን የሚያስታውስ ሰው በሌለበት አገር፣ አያ ጃርትና ሚስቱ ጃርቲት ይኖሩ ነበር። የጃርቲት አባት ሞተና የአርባ ቀን ተዝካሩ ደረሰ። በዚያ አገር ደንብ በተዝካር ቀን ደጅ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው አማች ነው።

ጃርቲት ቀድማ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ፣ «ወንድም የለኝም፤ አደራ፣ አትቅርብኝ» አለችው።

«እንዴት ብዬ እቀራለሁ! እመጣለሁ» አለ አያ ጃርት። በማለዳም ተነሣ፤ ግን መንገዱ ዳር የድንች ማሳ አገኘ። አንድ ቆፈረ፣ ሁለት ቆፈረ፤ ሃያ ሰባተኛው ላይ ቀና ሲል ፀሐይ ጠልቃለች።

ጃርቲት ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። አያ ጃርት ጨነቀው። ቁራን እንዳይልክ፣ የቁራ መልእክተኛ ሄዶ ቀሪ ነው። ርግብን ላከ፤ «ወንዝ ሞልቶብኝ ነው በያት።»

ርግብ በረረች፤ ሰባት ኮረብታ ቆጥራ ደረሰች። ጃርቲት ሰማችና፣ «ኤሊ እንኳ ለተዝካሩ የተሻገረችውን ወንዝ?» ብላ በሩን ዘጋች።

ርግብ ተመልሳ ስትነግረው አያ ጃርት፣ «እንግዲያስ 'ከከፋሽ ይቅርታ' በያት፤ ይህን ድንችም ስጪልኝ» አለ።

ርግብ በረረች፤ ሰባት ኮረብታ ቆጥራ ደረሰች።

«'ከከፋሽ' አለ? መከፋቴን ገና ሊያጣራ ነው? ድንቹንም መልሽለት» አለች ጃርቲት።

ርግብ ድንቹን እግሩ ሥር ጣለችው። «አያ ጃርት፣ ክንፌ አለቀ። እስከ ዛሬ የላክኸኝ ሁሉ ስለ ራስህ ነው። እኔ ተዝካሩ ላይ ነበርሁ፤ ያን ቀን እሷ እንዴት እንደዋለች ግን አልጠየቅኸኝም።»

አያ ጃርት፣ «ስንት እንግዳ መጣ?» አለ።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ስንቱ ስለ እኔ ጠየቀ?»

«ሠላሳ ስምንቱም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ለእያንዳንዱ 'መንገድ ላይ ነው' አለች። መሸ፤ ደጁን ብቻዋን ዘጋች።»

አያ ጃርት መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «እመጣለሁ ብዬሽ ቀረሁ። ያስቀረኝ ሆዴ ነው፤ ወንዝ አልሞላም፣ ዋሸሁሽ። በአባትሽ ተዝካር ደጅ ላይ ብቻሽን አቆምሁሽ፤ ሠላሳ ስምንት ጊዜም ስለ እኔ አስዋሸሁሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ። ተመለሽም፣ ማሪኝም አልልሽም፤ እሱ ያንቺ ነው።»

ርግብ በረረች፤ ሰባት ኮረብታ ቆጥራ ደረሰች። ጃርቲት ይህን ጊዜ በሩን አልዘጋችም። አለቀሰች።

«ይህ እውነት ነው። ሰምቻለሁ፣ ቂምም አልይዝብህም በይው። ለደጁ ግን ሌላ ሰው እንደሌለኝ እያወቀ ቀረ፤ አልመለስም፤ ከእንግዲህ ከእሱ ጋር ደጅ አልዘጋም።»

አያ ጃርት መልሱን ሰማ። «ይህንኑ መጀመሪያ ብልክላት ኖሮስ?» አለ።

ርግብ ይህን አላወቀችም። እኔም ስንት ዓመት ቆጥሬ አላወቅሁትም።

ተረቱ እዚህ ላይ ቆመ፤ ምክሩ ግን ይህ ነው፦ ሰበብ ያዘለ ይቅርታ ደጅ አይገባም፤ የዘገየ እውነትም ቢገባ አያድርም።